በስድስት ዓመት ስለሚበቅለው መንጋጋ ጥርስ ለወላጆች የተሰጠ ማስታወቂያ

የጥርስ ሐኪሞች በሥዕል ሥር ጽፈው በበራቸው የሚለጥፉት ምክር ዘወትር አጭር ነው። ጥርስዎን ጠዋትና ማታ ያጽዱ፤ ሳይታመሙም መጥተው ይመርመሩ ይላል። ቃሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን ከማጠሩ የተነሣ መንገደኛው አንብቦት ያልፋል እንጂ ወደ ቤቱ ይዞት አይገባም። የትኛው ጥርስ ይበልጥ ጥበቃ እንደሚያሻው፣ በማን እጅ እንደሚጸዳ፣ መርማሪውም ምን እንደሚያይ አይነግርምና ነው። ስለዚህ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በዙሪያቸው ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ይህን አጭር ምክር በአንድ ጥርስ ላይ አድርገን ልንዘረዝረው አሰብን። ያ ጥርስ ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው በአፉ ጥግ ሳይታወቅ የሚበቅለው መንጋጋ ነው።

ሳይታወቅ የሚበቅል ጥርስ

የሕፃን ልጅ የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። ከነዚህም 8ቱ የፊት ጥርሶች፣ 4ቱ ክራንቻዎች፣ 8ቱ መንጋጋዎች ናቸው። ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲደርስ የፊት ጥርሶቹ መነቃነቅ ይጀምራሉ፤ አንዱ ወልቆ በቦታው ሌላ ይተካል። ይህን ቤተ ሰቡ ሁሉ ያየዋል። ልጁ ራሱ የወለቀውን ጥርስ በእጁ ይዞ ይመጣል፤ ጎረቤትም ፍልጥልጡን አይቶ ይሥቃል።

በዚያው ወራት ግን ሌላ ነገር በስተ ጓሮ ይደረጋል። ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ በስተ ኋላ፣ ከላይ በቀኝና በግራ፣ ከታችም በቀኝና በግራ፣ አራት አዳዲስ መንጋጋዎች ድዱን ቀድደው ይወጣሉ። እነዚህ ሲበቅሉ የሚወልቅ ጥርስ የለም። ቀድሞ ባዶ በነበረ ድድ ላይ ይበቅላሉና ደም አይታይም፤ ልጁም ስለ እነርሱ የሚናገረው ነገር የለውም። ስለዚህ ወላጅ አንድ ቀን የልጁን አፍ ቢያይ በጥግ ያለውን ጥርስ ከወተት ጥርሶች እንደ አንዱ ይቆጥረዋል። የተቦረቦረም እንደ ሆነ፣ ግድ የለም፤ ይወልቅና ሌላ ይተካል ብሎ ይተወዋል። የጥፋቱ ሁሉ መነሻ ይህ ነው። ያ ጥርስ ሌላ ምትክ የለውም። ልጁ በእርጅናው ወራት ቆሎ ሊቆረጥምበት የተሰጠው ጥርስ ያው ነው።

ጥርሱን ለይቶ ለማወቅ ብልሃቱ ቀላል ነው። ልጁን ወደ ብርሃን አዙራችሁ አፉን ክፈቱ፤ ከፊት ከመካከሉ ጀምራችሁ ወደ አንድ ጎን ቁጠሩ። አንደኛውና ሁለተኛው የፊት ጥርሶች፣ ሦስተኛው ክራንቻ፣ አራተኛውና አምስተኛው መንጋጋዎች ናቸው፤ እነዚህ አምስቱ የወተት ጥርሶች ወይም የእነርሱ ቦታዎች ናቸው። ስድስተኛ ብላችሁ የምትቆጥሩት ጥርስ ቢገኝ እርሱ የዘለቄታው መንጋጋ ነው። ከጎረቤቱ ሰፋ ያለ ሲሆን በላዩ ላይ ብዙ ጉብታና ሸለቆ አለው። በስድስት ዓመት የሚበቅል ስድስተኛ ጥርስ ብላችሁ ብትይዙት አትረሱትም። በአንዳንድ ልጅ ከስድስት ዓመት ጥቂት ወራት ቀድሞ፣ በአንዳንዱም እስከ ሰባት ዓመት ዘግይቶ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜም የታችኞቹ ይቀድማሉ።

የጥርስ አበቃቀል ሥርዓት ያለው ስለ ሆነ የልደት ቀን ባልተጻፈበት ዘመን ሰዎች ለዕድሜ ምስክር አድርገውት ነበር። በ1837 እ.ኤ.አ. ኤድዊን ሳንደርስ የተባለ እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም በፋብሪካ ስለሚሠሩ ልጆች ለአገሩ ፓርላማ አባሎች ባቀረበው ጽሑፍ ጥርስ የዕድሜ መለኪያ ሊሆን እንደሚችል አስረድቷል። ወላጁ ዕድሜውን ጨምሮ የተናገረለትን ልጅ አፉ ይመሰክርበት ነበር ማለት ነው። ዛሬ ግን ለእኛ የሚጠቅመን ነገሩን ገልብጦ መያዝ ነው። የልጃችሁን ዕድሜ ታውቃላችሁና በዚያ ዕድሜ የሚወጣውን ጥርስ ጠብቃችሁ ተቀበሉት።

ለመበስበስ የሚፈጥንበት ምክንያት

ጥርስን የሚያበሰብሰው ትል ነው የሚል አሳብ በብዙ ቦታ አለ። ተቦርቡሮ ባዶ የሆነውን ጥርስ ያየ ሰው በእንጨት የሚያውቀውን ነገር በጥርስ ላይ ማሰቡ አያስነቅፈውም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በጥርስ ላይ ለስላሳ ነጭ እድፍ ይጋገራል፤ በውስጡም በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ይኖራሉ። ልጁ ጣፋጭ ነገር በበላ ቍጥር እነዚህ ስኳሩን ተመግበው አሲድ ያወጣሉ። አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ቅርፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ያሟሟዋል። ከዚያ በኋላ ምራቅ ደርሶ አሲዱን ያበርደዋል፤ ከቅርፊቱም የጎደለውን ማዕድን በጥቂት በጥቂቱ ይመልሰዋል። ስለዚህ በአፍ ውስጥ በየዕለቱ ማፍረስና መጠገን አለ። ማፍረሱ ከመጠገኑ ሲበዛ ጥርሱ ይቦረቦራል።

አዲሱ መንጋጋ በዚህ ትግል ከሌሎቹ ይልቅ ደካማ ነው። አንደኛ፣ ቅርፊቱ ገና ስላልጠነከረ አሲድ ቶሎ ይጎዳዋል። ሁለተኛ፣ በላዩ ያሉት ሸለቆዎች ጠባብና ጥልቅ ስለ ሆኑ ምግብ ይሰወርባቸዋል። ሦስተኛም ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ይህ ነው፤ ጥርሱ ከድድ ብቅ ካለ በኋላ ከጓደኞቹ ቁመት ለመድረስ ብዙ ወራት ይፈጅበታል፤ አንዳንድ ጊዜ ከዓመት በላይ ይቆያል። በዚያ ወራት ሁሉ ዝቅ ብሎ ስለሚቀር ከላይኛው ጥርስ ጋር አይገናኝም። በማኘክ ጊዜ ጥርስና ጥርስ ተፋትገው የሚያጸዱትን እድፍ እርሱ ይዞት ይቀራል። ብሩሹም በረጃጅሞቹ ጥርሶች ላይ ሲሄድ በላዩ አልፎት ይሄዳል እንጂ አይነካውም።

ከዚህ ላይ ስለ ጣፋጭ ነገር አንድ ቃል መጨመር ይገባል። ጥርስን ይበልጥ የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ሳይሆን ስኳሩ ወደ አፍ የሚገባበት ጊዜ መብዛቱ ነው። ከምሳ ጋር አንድ ጊዜ ጣፋጭ የበላ ልጅ ለጥርሱ አንድ የማፍረስ ጊዜ ሰጠ። በሱቅ በሳንቲም መልስ ፈንታ የተሰጠውን ከረሜላ እየመጠጠ ቀኑን ሙሉ የዋለው ልጅ ግን ምራቁ የሚጠግንበትን ጊዜ ሁሉ ነጠቀው። እንግዲህ ልጁን ጣፋጭ ፈጽሞ መከልከል ባይቻል እንኳ ከምግብ ሰዓት ጋር ማያያዝ ይቻላል።

በአገራችን የአምቦ ውኃ ነገርም ይጠየቃል። ይህ ውኃ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ሲሸጥ የኖረ ነው። የሚፈላው ውኃ ጥርስ ያበላሻል ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። ስኳር ያልገባበት የአምቦ ውኃ ለእነዚያ ረቂቅ ሕዋሳት ምግብ አይሆንም። የሚያፈላው አየር ጥቂት አሲድነት ቢሰጠውም ከስኳርና ከሎሚ ጣዕም ጋር ከተቀመመው ለስላሳ መጠጥ ጋር የሚተካከል አይደለም። ስለዚህ በማዕድ ላይ ቢጠጣ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ዳሩ ግን አፍን በአምቦ ውኃ መጕመጥመጥ ጥርስን ማጽዳት አይደለም፤ እድፉ የሚለቅቀው ሲፋቅ ብቻ ነው። በሌሊት ለልጅ የሚሰጠው መጠጥም ተራ ውኃ ይሁን።

የማታው ልማድ

ጥርስን በቀን ሁለት ጊዜ ማጽዳት ተገቢ ነው። ከሁለቱ አንዱ ግን የማይታለፍ ነው፤ እርሱም የመኝታው ነው። ሰው ሲተኛ የምራቁ መፍሰስ እጅግ ይቀንሳል። ከእራት በኋላ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ፣ ጥርሱን ሳያጸዳ የተኛ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ጠጋኝ የሌለው ቤት ሆኖ ያድራል። በእኛ አገር ልማድ ግን ጥርስ የሚፋቀው ጠዋት ነው። ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ፀሐይ ሲሞቅ መፋቂያውን ይዞ ይታያል፤ ማታ መፋቂያ የያዘ ሰው ግን ብዙ አይገኝም።

መፋቂያን የሚነቅፍ አይኑር። የወይራም ሆነ የሌላ ንጹሕ እንጨት ጫፉ ታኝኮ እንደ ጭራ ሲለሰልስ እድፍን በመልካም ያነሣል። የእርሱ ጉድለት ሁለት ነው። በቀጥታ የተያዘ እንጨት ከፊት ጥርሶች ላይ በደንብ ይሠራል፤ በልጅ ጠባብ አፍ ጥግ ወዳለው ዝቅተኛ ጥርስ ግን ለመድረስ ይቸገራል። ሁለተኛም ፍሎራይድ የሚባለውን ማዕድን አይሰጥም። ፍሎራይድ በምራቅ ውስጥ ሆኖ የተጎዳው ቅርፊት እንዲጠገን የሚረዳ፣ የተጠገነውንም ለአሲድ የሚያጠነክር ነው። ስለዚህ ጠዋት በመፋቂያ የለመደ ቤተ ሰብ በመፋቂያው ይቀጥል፤ ማታ ግን ለልጁ ትንሽ ራስ ያለው ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ይሁንለት። ሳሙናውን ስትገዙ በቱቦው ላይ ፍሎራይድ የሚል ቃል መኖሩን ተመልከቱ። መጠኑም ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ተብሎ ተጽፎ ይገኛል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ልጁ እራቱንና ሻዩን ጨርሶ ከውኃ በቀር ምንም ወደ አፉ የማይገባበት ሰዓት ሲደርስ፣ እናት ወይም አባት ከልጁ በስተ ኋላ ይቁሙ፤ የልጁም ራስ በደረታቸው ላይ ይደገፍ። እንዲህ ሲሆን አፉ ወደ ላይ ስለሚከፈት ጥጉ ይታያል። በብሩሹ ላይ የሚደረገው ሳሙና የአተር ፍሬ ያህል ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን የሩዝ ፍሬ ታህል ትበቃለች። ብሩሹ ሳይረጥብ ቢሆን ይሻላል።

አስቀድሞ ሥራው የሚጀመረው ከአራቱ ስድስተኛ ጥርሶች ነው፤ ልጁ ሳይሰለችና ትዕግሥቱ ሳያልቅ ማለት ነው። ልጁ አፉን በጣም ከፈተ እንደ ሆነ ጉንጩ ይወጠርና ለብሩሹ ቦታ አይገኝም፤ ስለዚህ ጥቂት ይግጠም። ከዚያም ብሩሹን ከጉንጩ በኩል አግድም አስገብታችሁ፣ ለጥርሱ ረድፍ ቀጥ ያለ መስቀለኛ አድርጋችሁ፣ በዝቅተኛው ጥርስ ፊት ላይ ብቻ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ጊዜ በቀስታ አመላልሱት። ብሩሹ በረድፉ ርዝመት ከሄደ ጎረቤቱ ከፍ ብሎ ይከለክለዋል፤ በመስቀለኛ ከገባ ግን ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ከማጽዳታችሁ ሁሉ ይህ አንዱ ነገር የጥርሱን ዕድል ይለውጣል። ከዚህ በኋላ የቀሩትን ጥርሶች በውጭ፣ በውስጥና በላይ በኩል አዳርሱ። ጠቅላላው ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ሲፈጸም ልጁ አረፋውን ይትፋ እንጂ በብዙ ውኃ አይጕመጥመጥ። ብዙ ውኃ በጥርሱ ላይ መቅረት የሚገባውን ፍሎራይድ አጥቦ ይወስደዋል። ልጁ ሎሚ ወይም ብርቱካን በልቶ እንደ ሆነ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ማጽዳት ይሻላል፤ አሲድ ያለሰለሰውን ቅርፊት ወዲያው መፋቅ ያሳሳዋልና።

ይህ ሥራ እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ድረስ የወላጅ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ብሩሹን በደስታ ቢይዝም እጁ ገና ቅልጥፍና የለውም። ልጁ መጀመሪያ ራሱ ይሞክር፤ ወላጁ በኋላ ይጨርስለት። ሥራው በደንብ መሠራቱን ለማወቅ የጥርሱን ገጽ በንጹሕ ጣት ወይም በጥርስ እንጨት ጫፍ በቀስታ ጠረግ አድርጉት፤ እንደ ለሰለሰ ሊጥ ያለ ነጭ ነገር ከወጣ እድፉ አልጸዳም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድዱ ጥቂት ቢደማ አትተዉ። ያልጸዳ ድድ ስለሚያብጥ ይደማል፤ በየማታው ሲጸዳ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይተዋል። ካልተወ ለሐኪም ይታይ።

ሳይታመሙ መመርመር ስለ ምን ይጠቅማል

ሕመም በጥርስ ጉዳይ ዘግይቶ የሚመጣ መጥሪያ ነው። የጥርሱ ቅርፊት ስሜት የለውምና በእርሱ ላይ ጥፋት ሲሠራ ልጁ ምንም አያውቅም። ሕመሙ የሚጀምረው ጥፋቱ ቅርፊቱን አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ሳይታመሙ መጥተው ይመርመሩ የሚሉት ገበያ ለመሳብ ብቻ አይደለም። ነገሩን በምሳሌ እንየው።

አንዲት እናት ሰባት ዓመት የሆነውን ልጅዋን ለገበያ ወይም ለሌላ ጉዳይ ከጉደር ወደ አምቦ በመጣችበት ቀን ለጥርስ ሐኪም አሳየችው እንበል። ሐኪሙ ልጁን በብርሃን ፊት ያስቀምጠዋል። ትንሽ መስተዋት ወደ አፉ አስገብቶ ጥርሶቹን ይቈጥራል፤ ስድስተኞቹን ያጸዳና በአየር ያደርቃቸዋል። ማድረቁ የሚያስፈልገው የመበስበስ መጀመሪያ እርጥብ ሲሆን ስለማይታይ ነው። በግራ በኩል ባለው የታች ጥርስ ሸለቆ ዳር እንደ ጠመኔ ያለ ነጭ ምልክት ያገኛል። በቀኝ በኩል ባለው ደግሞ ትንሽ ቀዳዳና ከቅርፊቱ ሥር ጥላ ያያል። የላይኞቹ ሁለቱ ደኅና ናቸው።

ለግራው መሠርሠሪያ አያስፈልግም። ጠመኔ የመሰለው ምልክት ገና ቀዳዳ ስላልሆነ ሊጠገን ይችላል። ሐኪሙ ፍሎራይድ ያለበት ቅባት ይቀባዋል፤ የማታውን አጸዳድ ለእናቲቱ ያሳያል፤ ከሦስት ወር በኋላም ተመልሰው እንዲመጡ ይቀጥራቸዋል። ለቀኙ የበሰበሰው ተጠርጎ ጥርሱ ይሞላል። ጥፋቱ ጥልቅ ስላልሆነ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። በላይኞቹ ሁለት ላይ ሸለቆዎቹን የሚደፍን ቀጭን መክደኛ ሊደረግ ይችላል። መክደኛው ምግብና እድፍ ወደ ሸለቆው እንዳይገቡ የሚከለክል ነው፤ ያለ መርፌና ያለ መሠርሠር ይደረጋል። ሆኖም በየቦታው አይገኝምና አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥርሱ በደንብ ወጥቶ መድረቅ ካልቻለም መክደኛው ስለማይይዝ ሐኪሙ ቈይታችሁ ኑ ሊል ይችላል።

ያችው እናት ልጁ እስኪታመም ድረስ ብትጠብቅ ኖሮ ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። በስምንት ወይም በዘጠኝ ዓመቱ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር ሲነካው ይጠዘጥዘዋል፤ ኋላም ሌሊት ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሕመሙ በድንገት ይተዋል። ቤተ ሰቡም ዳነ ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን የተወው የጥርሱ ሥር ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም በድዱ ላይ እንደ ብጉር ያለ እብጠት ይወጣና መግል ያፈስሳል። በዚህ ጊዜ የሚቀረው ጥርሱን በሥሩ ማከም ወይም መንቀል ነው። የመጀመሪያው ብዙ ቀጠሮና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው ሕመሙን ያስወግዳል፤ ዳሩ ግን በስተ ኋላ ያለው ጥርስ በጊዜ ብዛት ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላል፤ ልጁም በአንድ ወገን ብቻ ማኘክ ይለምዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። በሸለቆው ውስጥ ቡናማ መስመር ሁሉ መበስበስ አይደለም፤ ጠንካራና ለብዙ ጊዜ ያልተለወጠ ቀለም ብቻ ሊሆን ይችላል። በሌላ ወገን አንዳንድ ልጆች ስድስተኛ ጥርሳቸው ገና ሲወጣ ቢጫ ወይም ቡናማ፣ ቶሎ የሚፈረፈር፣ ብሩሽ ሲነካው የሚያም ሆኖ ይበቅላል። ይህ የማጽዳት ጉድለት ሳይሆን ጥርሱ በመንጋጋው ውስጥ ሲሠራ የደረሰበት ጉድለት ነው። እንዲህ ያለውን ጥርስ ያየ ወላጅ ልጁን አይቈጣው፤ ሳይቈይም ወደ ሐኪም ይውሰደው። እንዲሁም ልጁ ፊቱ አብጦ ትኵሳት ቢይዘው፣ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ቢያቅተው፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መድረስ ይገባዋል።

ስለ ምርመራው ጥሪ

የጥርስ ሕክምና ቤቶች አንዳንድ ጊዜ ምርመራ በነጻ ወይም በቅናሽ እናደርጋለን ብለው ማስታወቂያ ያወጣሉ። በተለይ መጋቢት 11 ቀን የዓለም የአፍ ጤና ቀን ተብሎ ስለሚከበር በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ጥሪ በብዙ አገር ይሰማል። ጥሪው ሲገኝ መጠቀም መልካም ነው። በነጻ የሚባለው ግን ብዙውን ጊዜ ማየቱ ብቻ ነው፤ ማጠብ፣ መሙላት፣ በራጅ ፎቶ ማንሣት የየራሱ ዋጋ አለው። ስለዚህ ከወንበሩ ከመቀመጣችሁ አስቀድሞ በነጻ የሚደረገው የትኛው እንደ ሆነ ጠይቁ። ከተመረመራችሁ በኋላ ደግሞ የሚያስፈልገው ሥራ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፣ ዛሬ ባይሠራስ ምን እንደሚያስከትል ጠይቁ። በሥራው የታመነ ሐኪም ጥርሱን በመስተዋት አሳይቶ ይመልስላችኋል። ዕቃዎቹ ከታሸገ ንጹሕ ከረጢት ሲወጡ ማየትም መብታችሁ ነው።

በየስድስት ወር ይምጡ የሚለው ቃል ለሁሉ እኩል የሚሠራ ሕግ አይደለም። ጥርሱ የተቦረቦረ ወይም የጠመኔ ምልክት የታየበት ልጅ በየሦስት ወሩ መታየት ሊያስፈልገው ይችላል። ጥርሱ ደኅና የሆነና የማታው ልማድ የጸናለት ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ ቢታይ ይበቃዋል። ጊዜውን ለማስታወስ አቅሙ ላለው ቤተ ሰብ የክረምት ዕረፍት ይመቻል፤ ትምህርት ስለሚዘጋ ልጁ ከክፍል አይቀርም፤ መስከረም ሳይጠባም የሚሞላው ተሞልቶ ያድራል።

በቤታችሁ አምስት ዓመት ተኩል የሞላው ልጅ ካለ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ በብርሃን ፊት አፉን አስከፍታችሁ ቍጠሩ። ስድስተኛው ካልወጣ በወር አንድ ጊዜ ደግማችሁ ቍጠሩ። ወጥቶ ከተገኘ ብሩሹን በመስቀለኛ ማስገባቱን በዚያው ማታ ጀምሩ፤ ወደ ከተማ በምትሄዱበት በመጀመሪያው ቀንም ለሐኪም አሳዩት።